ስለ ራሴ የጻፍሁት ተዘበራርቋል፤ ከማሳመሬ በፊት እንዴት በየክፍሉ ላስቀምጠው?

የጮቄ ልጅ

ሰላም ለዚህ ቤት። ለሁለተኛ ዲግሪ የነፃ ትምህርት ዕድል ላመለክት ነው። ቅጹ ላይ «ስለ ራስዎ እስከ 500 ቃላት ይጻፉ» ይላል፤ ሌላ ዝርዝር ጥያቄ የለውም። መጀመሪያ በአማርኛ የመጣልኝን ሁሉ ጻፍሁት፤ ወደ እንግሊዝኛ የምመልሰው በኋላ ነው። ጓደኛዬ አነበበችውና «ደስ ይላል፣ ግን ምን እንደፈለግሽ አልገባኝም» አለችኝ። የመጀመሪያውን ዐረፍተ ነገር ላሳምር ብዬ ስነካካ አመሸሁ፣ ሌላው እንዳለ ነው። እንዲመቻችሁ ቁጥር ሰጥቼዋለሁ። አሳጥሬ ነው የለጠፍሁት፣ ቅደም ተከተሉን ግን አልነካሁም።

(1) ተወልጄ ያደግሁት ከጮቄ ሥር፣ ስናን ውስጥ ነው፤ ቤተሰቦቼ ገብስና ድንች ያመርታሉ። (2) ከልጅነቴ ጀምሮ ለትምህርት ልዩ ፍቅር አለኝ። (3) የአፈር ሳይንስ ማጥናት እፈልጋለሁ፣ ምክንያቱም አፈር የሕይወት መሠረት ነው። (4) በ2010 ዓ.ም. በእፅዋት ሳይንስ ተመርቄ የልማት ጣቢያ ሠራተኛ ሆኜ ተቀጠርሁ። (5) እናቴ እንድማር ብዙ ደክማለች። (6) በምሠራበት ቀበሌ አፈሩ አሲዳማ ስለሆነ ማዳበሪያ ቢጨመርም ገብሱ ይቀጭጫል። (7) ትጉህና ከሰው ጋር ተባብሬ መሥራት የምችል ነኝ። (8) ኖራ እንዲጠቀሙ ሳስተምር ብዙዎቹ ገበሬዎች እምቢ አሉ፤ ኖራው ከመንገድ እስከ ማሳ በአህያ ነው የሚጓጓዘው፣ በመጀመሪያው ዓመትም ለውጡ ብዙ አይታይም። (9) እንዲሁም ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ላይ አባቴ ታሞ ስለነበር ውጤቴ ዝቅ ብሏል። (10) በዚህም ምክንያት ከሦስት ገበሬዎች ጋር ኖራ የገባበትንና ያልገባበትን ማሳ ጎን ለጎን ዘራን። (11) ተመልሼ ወረዳዬን ማገልገል እፈልጋለሁ። (12) ጎጃም የጤፍ አገር ነው፤ አፈሩ ግን እየደከመ ነው። (13) በሁለተኛው ዓመት ልዩነቱ ስለታየ ጎረቤቶች ኖራ መጠየቅ ጀመሩ። (14) የአፈር ናሙና ወስደን እንልካለን፤ ውጤቱ ግን ዘሩ ከተዘራ በኋላ ይደርሳል፣ እኔም ራሴ መርምሬ አላውቅም።

አባይ ማዶ

እህቴ፣ ቀላል ነው። በዘመን ቅደም ተከተል አድርጊው፦ ልደት፣ ልጅነት፣ ትምህርት፣ ሥራ፣ የወደፊት ዕቅድ። አንባቢ አይጠፋበትም። መጀመሪያ ግን ረዣዥሞቹን ዐረፍተ ነገሮች ቁረጪ፣ የተደጋገመውን ቃል አውጪ። ጽሑፉ ሲጠራ ቅርጹ ራሱ ይታይሻል።

ዳንግላ ነኝ

ኖራው ላይ ያነሳሽው ትክክል ነው። እኛም አገር እንደዚያው ነው፣ አፈሩ ኮምጣጣ ነው። ግን በሄክታር ምን ያህል አደረጋችሁ? ዝም ብሎ ለሁሉም ማሳ አንድ ዓይነት መጠን ማደል አይሠራም። የአሲዱ መጠን ከማሳ ማሳ ይለያያል፤ ሳይመረመር የሚበቃው አይታወቅም። ደግሞ ከመዝራት ቀደም ብሎ ከአፈሩ ጋር መቀላቀል አለበት፤ በዘር ሰዓት ቢበተን ጥቅሙ ዘግይቶ ነው። እኔ የምልሽ፣ በሚቀጥለው ዓመት ቀድማችሁ ጀምሩ።

የጮቄ ልጅ

ወንድሜ አመሰግናለሁ፤ ጥያቄዬ ግን ስለ ጽሑፉ ነበር እንጂ ስለ ኖራው አይደለም 😀

የፍኖተ ሰላሙ አንባቢ

ልጄ፣ የማመልከቻ ጽሑፍ ለዓመታት አንብቤአለሁ፤ አሁን ጡረታ ላይ ነኝ። ሰፋ አድርጌ ልጻፍልሽ።

በመጀመሪያ ቃላቱን አትንኪ። አባይ ማዶ ያለው «ሲጠራ ቅርጹ ይታያል» የሚለው በልምድ ሲታይ ተቃራኒው ነው። አንድ ዐረፍተ ነገር ላይ ከደከምሽበት በኋላ ቦታው አለመሆኑን ብታውቂም እጅሽ አይጥለውም። ከኋላውና ከፊቱ ካለው ጋር ደግሞ በ«ስለዚህ» እና በ«እንዲሁም» ታስሪዋለሽ፤ ያኔ ማንቀሳቀስ ሌላ ሥራ ይሆናል። ያንቺንማ ተመልከች፦ (9) የአባትሽ ሕመም ነው፤ (10) «በዚህም ምክንያት» ብሎ ይጀምራል። እንዳለ ሲነበብ አባትሽ ስለታመሙ ኖራ ዘራችሁ ማለት ነው። ስትጽፊው አእምሮሽ ውስጥ (10) የተያያዘው ከ(8) ጋር ነበር፤ (9) መሐል ገባ።

አሁን የምታደርጊው እንዲህ ነው። ዋናውን እንዳለ በሌላ ፋይል አስቀምጪ። ቅጂው ላይ እያንዳንዱን ዐረፍተ ነገር ለየብቻው በየመስመሩ አውርጂ። ከጎኑ «አንባቢው ከዚህ ስለ እኔ ምን ያውቃል?» ለሚለው በሁለት በሦስት ቃል መልሽ። «መግቢያ»፣ «መካከል»፣ «መደምደሚያ» ብለሽ እንዳትጽፊ። እነዚያ የቦታ ስሞች ናቸው፤ ዐረፍተ ነገሩ ምን እንደያዘ አይነግሩሽም፣ ቀድመው የነበሩበትን ቦታም ያጸኑልሻል።

ጥቂቱን እኔ ልሞክር። (1) ከየት እንደመጣች። (6) የገጠማት ችግር። (8) ገበሬው ለምን እምቢ አለ። (10) ምን አደረገች። (13) ምን ተለወጠ። (9) የውጤቷ ማብራሪያ።

(4) ላይ ስደርስ አንድ መልስ አልበቃኝም። ግማሹ ትምህርት፣ ግማሹ ሥራ ነው። እንዲህ ያለውን ለሁለት ክፈይው፤ 4ሀ እና 4ለ በይው። (3)ም እንደዚያው ነው፦ ፊተኛው ግማሽ ምን እንደምትፈልጊ ይናገራል። ኋለኛው ግን «አፈር የሕይወት መሠረት ነው» የሚል ነው፤ ይኸ ስለ አፈር እንጂ ስለ አንቺ ምንም አይነግረኝም።

(2) እና (7) ላይ «ምን አወቅሁ?» ብዬ ስጠይቅ መልሱ ባዶ ነው። ማንም አመልካች ስሙን ሳይቀይር ሊጽፈው ይችላል። (12) ደግሞ ስለ ጎጃም ነው። እነዚህን አትሰርዢ፣ ታች «ትርፍ» የሚል ርዕስ ሥር አስቀምጪያቸው። ሰርዢ ካልሁሽ ልብሽ ይቀራል፤ ትርፍ ውስጥ ካሉ ግን ሳትናፍቂያቸው ትጨርሺያለሽ።

ከዚያ ተመሳሳይ መልስ ያላቸውን ሰብስቢ። ርዕስ የምትሰጪው ክምሩ ከተሠራ በኋላ ነው፤ ርዕስ ቀድመሽ ካወጣሽ ርዕሱን ለመሙላት ስትይ የሌለ ነገር ትጽፊያለሽ። ሠርተሽ ለጥፊው።

አስጎብኚው

ከባሕር ዳር ነኝ። እኔ ደግሞ ለእንግዶች የሚነበብ ስለ ራሴ መግለጫ ጽፌ ነበር፤ የጣና ገዳማትንና ጢስ ዓባይን ነው የማስጎበኘው። እንደ ጋሼ አድርጌ ስለያየው ግማሹ የታሪክ ፍቅሬ ሆኖ ተገኘ። የማወራቸው ቋንቋዎች፣ ጀልባ የማዘጋጅ መሆኔ፣ ሴት እንግዶች የማይገቡባቸውን ገዳማት አስቀድሜ የምነግር መሆኔ አንድ መስመር ላይ ተጠጋግተው መጨረሻ ላይ ተቀምጠዋል። እንግዳው የሚፈልገው ግን እሱን ነው። እኔ ቋንቋን አንደኛ አደረግሁት። እና እህቴ፣ አንቺም የቋንቋ ችሎታሽን ከላይ ብታደርጊው?

የፍኖተ ሰላሙ አንባቢ

አስጎብኚው፣ ለአንተ ልክ ነው፤ ለእሷ ግን አይሆንም። ያንተ አንባቢ ለአንድ ቀን ሰው ይመርጣል፤ ተነጋግረን እንግባባለን ወይ ነው የሚለው። የእሷ አንባቢ ቋንቋውን ከሌላ ወረቀት ያገኘዋል። እዚህ የሚፈልገው ይቺ ልጅ ይህን ትምህርት ለምን እንደፈለገችና ምን ልታደርግበት እንደሆነ ነው። የክፍሎቹን ስም ከራስህ ጽሑፍ ታገኘዋለህ፤ የትኛው ይቅደም የሚለውን ግን የሚወስነው የሚያነበው ሰው ነው። ቅጹ ጥያቄዎቹን ዘርዝሮ ቢሆን ኖሮ በእነሱ ቅደም ተከተል ሂጂ ብያት እጨርስ ነበር።

የጮቄ ልጅ

ጋሼ፣ እንዳሉኝ አደረግሁ። እንዲህ ወጣልኝ፦

ከየት እንደመጣሁ፦ 1፣ 5፣ 4ሀ
ሥራዬና የሆነው፦ 4ለ፣ 6፣ 8፣ 10፣ 13
የማልችለው፦ 14
የምፈልገው፦ 3ሀ
ከዚያ በኋላ፦ 11
ማብራሪያ፦ 9
ትርፍ፦ 2፣ 3ለ፣ 7፣ 12

ሁለት ነገር ገረመኝ። አንደኛው፣ እዚህ በአጭሩ ስለለጠፍሁት አይታይም እንጂ በሙሉው ረቂቅ (1) እና (5) ብቻቸውን ሁለት አንቀጽ ናቸው፤ ስለ ማሳው ያለው ግን ይኸው ያያችሁት ነው። ሁለተኛው፣ «የምፈልገው» ሥር ግማሽ ዐረፍተ ነገር ብቻ ነው ያለው። ጓደኛዬ «ምን እንደፈለግሽ አልገባኝም» ያለችው ለካ ስላልጻፍሁት ነው። አሁን ምን ልጻፍበት?

ሞጣ ላይ

እኔ አልስማማም ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና። እኔ መግቢያዬ ካልሰመረ ወደ ታች መውረድ አልችልም። የመጀመሪያው አንቀጽ ድምፁን ይሰጠኛል፣ ሌላው ይከተላል። ሁሉም ሰው በቁጥርና በክምር አይጽፍም።

የፍኖተ ሰላሙ አንባቢ

ሞጣ፣ ያልጻፈ ሰው ድምፅ ፍለጋ ቢሄድ እረዳለሁ። እሷ ግን ጽፋ ጨርሳለች፤ ያለው ነገር ቦታውን ስለሳተ ነው የምንነጋገረው። አንተ በጭንቅላትህ ቀድመህ ስለምትደረድር ይሆናል። ይሁን፤ በዚህ አንጣላም።

ልጄ፣ ክምሩ ማለፊያ ነው። የክምሩን ከፍታ ማየትሽ ዋናው ጥቅም ነው። ጽሑፍ ሲበዛ ሙሉ ይመስላል፤ ሲለያይ ነው የጎደለው የሚታየው። የጎደለበት ቦታ ላይ አሁን ያማረ ዐረፍተ ነገር አትፈልጊ። በቅንፍ ጥያቄውን ጻፊ፦ [እዚህ፦ አፈር ሳይንስ ውስጥ በትክክል ምኑን?]። ከዚያ ለሰው እንደምትነግሪ አድርገሽ መልሺው፣ ሻካራ ይሁን።

መልሱ ደግሞ እዚሁ ክር ውስጥ ተጽፏል። ዳንግላ ስለ ኖራ ነው ያወራው ብለሽ ሳቅሽበት፤ ግን ያለውን እንደገና አንብቢው። መጠኑ ከማሳ ማሳ ይለያያል፣ ሳይመረመር አይታወቅም አለ። ያንቺ (14) ውጤቱ ዘሩ ከተዘራ በኋላ ይደርሳል ይላል። በ(8) ደግሞ ገበሬው ኖራውን በአህያ እያጓጓዘ ነው። ሦስቱን አገናኚያቸው፦ ስንት ኩንታል እንደሚበቃው በጊዜ የሚነግረው ሰው ስለሌለ ገበሬው ከሚያስፈልገው በላይ ይሸከማል፣ ወይም አሳንሶ ያደርግና ለውጥ አያይም። ለምን አፈር ሳይንስ ለሚለው ይህ ምክንያት ይሆናል። (14)ን መጨረሻ ላይ ያስቀመጥሽው ድክመትሽን የምትናገሪበት ስለመሰለሽ ይመስለኛል። ቦታው ግን ከ(13) ቀጥሎ፣ ከ3ሀ በፊት ነው።

ዳንግላ ነኝ

አየሽ! ጠቅሜሻለሁ 😀 ሦስቱ ማሳዎች ላይ ግን መጠኑን እንዴት ወሰናችሁ? አልመለስሽልኝም።

የጮቄ ልጅ

ወረዳው የላከልንን መጠን ነው የተከተልነው ወንድሜ፤ ለሁሉም እኩል። ከሦስቱ አንደኛው ማሳ ላይ ልዩነቱ ብዙም አልነበረም፤ ይህን አልጻፍሁትም።

የፍኖተ ሰላሙ አንባቢ

ጻፊዋ! ከ(13) ጎን አስቀምጪው። ሁሉም ማሳ ቢሰምር ኖሮ የሚጠና ነገር ባልኖረ። ሦስተኛው ማሳ ነው ወደ (14) የሚያሻግርሽ።

አባይ ማዶ

እሺ፣ ግን ጋሼ፣ የዘመን ቅደም ተከተሉ ምን ክፋት አለው? 4ለ፣ 6፣ 8፣ 10፣ 13 ራሱ በዘመን ነው የተደረደረው።

የፍኖተ ሰላሙ አንባቢ

እውነት ነው፤ እዚያ ውስጥ ልክ ነህ። በአንድ ክፍል ውስጥ የሆነ ነገር ሲተረክ በሆነበት ቅደም ተከተል ይሂድ። ክፍሎቹን እርስ በርስ ሲያሰልፉ ግን ዘመን አይመራም። በዘመን ብትሄድ አንባቢው ልደቷን፣ እናቷን፣ ምረቃዋን አልፎ ነው ማሳው ጋ የሚደርሰው፤ ብዙ ማመልከቻ የሚያነብ ሰው እዚያ ሳይደርስ ፍላጎቱ ይቀዘቅዛል። እኔ የምለው፦ ሥራዬና የሆነው፤ የማልችለው፤ የምፈልገው፤ ከዚያ በኋላ። «ከየት እንደመጣሁ» አጥሮ ከመጀመሪያው ክፍል ውስጥ ይገባል። የምትሠራው እዚያው ባደገችበት አካባቢ ስለሆነ አንድ ዐረፍተ ነገር ይበቃዋል። 500 ቃል ውስጥ ሥራው ወደ 200፣ የማትችለውና የምትፈልገው ተደምረው ያን ያህል፣ የቀረው ለቀሪው ቢሆን ይመጥናል። ልኬት ሳይሆን ግምት ነው።

አስጎብኚው

የእናቷ ግን? (5)ን ወደ ትርፍ ልትሰዱት ነው?

የጮቄ ልጅ

እኔም እሱ ከብዶኛል። ለጊዜው ትርፍ ውስጥ አስገባሁት፣ አልሰረዝሁትም። አዲሱ ይኸው፤ አልተኳለም፦

ሥራ፦ በተወለድሁበት በስናን የልማት ጣቢያ ሠራተኛ ነኝ፤ ቤተሰቦቼም እዚሁ ገብስና ድንች ያመርታሉ (1+4ለ)። አፈሩ አሲዳማ ነው፣ ማዳበሪያ ቢጨመርም ገብሱ ይቀጭጫል (6)። ኖራ አስተማርሁ፣ እምቢ አሉ፣ ምክንያታቸው ይህ ነበር (8)። ከሦስት ገበሬዎች ጋር ጎን ለጎን ዘራን (10)። በሁለተኛው ዓመት በሁለቱ ማሳ ልዩነቱ ታየ፣ ጎረቤት ጠየቀ (13)፤ በሦስተኛው ብዙም አልታየም (አዲስ)።
የማልችለው፦ ለምን እንደሆነ መናገር አልቻልሁም። ናሙና ልከን ውጤቱ ከዘር በኋላ ይደርሳል፣ እኔም መመርመር አልችልም (14)።
የምፈልገው፦ አፈር ሳይንስ (3ሀ)፤ በተለይ [የአፈር አሲድን መለካትና የኖራ መጠን ከማሳው ጋር ማገናኘት]። ለዚህ መነሻ የሚሆነኝ የእፅዋት ሳይንስ ዲግሪ አለኝ (4ሀ)።
ከዚያ በኋላ፦ ተመልሼ ወረዳዬን ማገልገል (11) [በምን? ዘር ከመዘራቱ በፊት ለገበሬው መጠኑን መንገር]።
ቦታ ያጣ፦ 9

የፍኖተ ሰላሙ አንባቢ

አሁን ሁለት ፍተሻ ብቻ። የየክፍሉን የመጀመሪያ መስመር ብቻ አውጥተሽ ድምፅሽን ከፍ አድርገሽ አንብቢ፦ እዚህ እሠራለሁ፤ ይህን መናገር አልቻልሁም፤ ይህን መማር እፈልጋለሁ፤ ይህን ላደርግበት። ሰሚው መሐል ላይ «ለምን?» ብሎ ካላቋረጠሽ ሰልፉ ይዟል። ሁለተኛው፣ ቦታ የቀየሩትን ዐረፍተ ነገሮች መነሻ ቃል ተመልከች፦ «እንዲሁም»፣ «በዚህም ምክንያት»፣ «ይህ»፣ «ደግሞ»። የሚያመለክቱት ነገር ከላያቸው ካልተገኘ አውጪያቸው። (10) አሁን ከ(8) ቀጥሎ ስለመጣ «በዚህም ምክንያት» ትክክል ሆኗል፤ ሳትነኪው ዳነ። ከዚህ በኋላ ነው ቃል መምረጥና ማሳመር የሚመጣው።

ሞጣ ላይ

ይኸኛው ከበፊቱ እንደሚሻል አልክድም። ወደ እንግሊዝኛ የምትመልሽው ግን አሁን ይሁን ወይስ በአማርኛ ካሳመርሽ በኋላ?

የጮቄ ልጅ

አሁን ልመልሰው መሰለኝ፤ በአማርኛ ባሳምረው እንግሊዝኛው ላይ ያ ውበት አይከተለኝም። (9) ነው የቀረኝ። ጋሼ፣ የትኛው ክፍል ይግባ?

የፍኖተ ሰላሙ አንባቢ

በየትኛውም ክምር ያልገባ መስመር አብዛኛውን ጊዜ ከዚህ ጽሑፍ አይደለም ማለት ነው። ማመልከቻው ተጨማሪ ማብራሪያ የሚጻፍበት ሳጥን ካለው እዚያ አድርጊው።

አስጎብኚው

ሳጥኑ ከሌለስ? ውጤቱን ከወረቀቱ ላይ ያዩታል እኮ። ዝም ብትል የባሰ አይሆንም? እኔ ብሆን 4ሀ ጎን በአንድ ዐረፍተ ነገር እጽፈዋለሁ።

የፍኖተ ሰላሙ አንባቢ

ዝቅታው የአንድ ዓመት ብቻ ከሆነና በኋላ ካነሳችው፣ ወረቀቱ ራሱ ይናገራል። 4ሀ ጎን ከገባ «የምፈልገው» የሚለው ክፍል መሐል ላይ ይቅርታ መጠየቅ ይሆናል፣ ያን አልወደውም። ግን ውጤቱን አላየሁትም፤ እሷ ታውቃለች።

የጮቄ ልጅ

ቅጹን ደግሜ አየሁት፣ ሳጥን የለውም። ዛሬ ማታ (9)ን 4ሀ ጎን አስገብቼም አውጥቼም ሁለቱንም ለጓደኛዬ ላነብላት ነው።

ዳንግላ ነኝ

ስትጨርሺ ሦስተኛው ማሳ ተዳፋት ላይ መሆኑንና አለመሆኑን ንገሪኝ፣ አደራ።